የሰኞ ፒቮቴ ከጓደኛዬ ጋር አይገጥምም፤ "ሁሉም የሚያየው ሌቭል" የቱ ነው?

አዲስ_ቻርት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኛዬ ሁለታችንም ዩሮ ዶላር ነው የምንነግደው። በቀን ውስጥ ገብተን በቀን ውስጥ እንወጣለን፣ ትሬድ አናሳድርም። ሁለታችንም ጠዋት ጠዋት የዴይሊ ፒቮት እናወጣለን። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ መስመሮቻችን ተቀራራቢ ናቸው። ሰኞ ሲሆን ግን ጨርሶ አይገናኙም።

የዛሬውን ልጻፍላችሁ። የእሱ ፒቮት 1.0835 ነው፤ R1 1.0870፣ S1 ደግሞ 1.0810። የኔ ፒቮት 1.0843፣ R1 1.0848፣ S1 1.0836። የኔዎቹ ሦስት መስመሮች 12 ፒፕ ውስጥ ታጭቀዋል። ለንደን ገና ሳይከፈት ዋጋው ሦስቱንም ነካክቷቸዋል።

ኢንዲኬተሩ አንድ ነው፣ ፋይሉን ያገኘሁት ከእሱ ነው። ብሮከራችን ግን ይለያያል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ትክክሉ የማን ነው? ደግሞስ ፒቮት የሚሠራው "ሁሉም ሰው ስለሚያየው ነው" ይባላል። እኔና እሱ እንኳን አንድ መስመር ካላየን ሁሉም የሚያየው የትኛውን ነው?

---

ጎልድ_ብቻ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:58

ብሮከር ቀይር ወንድሜ። ሰኞ ጠዋት ስፕሬድ አስፍተው ነው የሚጫወቱብን። እኔ ጎልድ ነው የምነግደው። አንድ ጊዜ ከ2000 ዶላር ትንሽ ከፍ ብሎ ገዛሁ። 2000 ጠንካራ ሰፖርት ነው ብዬ ስቶፔን 1998 ላይ አደረግኩ። ዋጋው ወርዶ ወርዶ 1997ን ነካና ስቶፔን በላው። ከዚያ ተመልሶ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ሄደ። የኔን ስቶፕ ባያዩት ኖሮ ልክ እዚያ ድረስ ወርዶ ይመለስ ነበር? ድፍን ቁጥር ወጥመድ ነው።

---

ሻማ_ቆጣሪ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:15

ጎልድ፣ የአንተ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንመለስበታለን። አዲስ የጠየቀው ስለ ስፕሬድ አይደለም።

አዲስ፣ አንድ ነገር ብቻ አጣራልኝ። ዴይሊ ቻርትህን ክፈትና ከዓርብ ካንድል ቀጥሎ ያለውን ተመልከት። ትንሽዬ፣ ከሌሎቹ ጋር የማትመጣጠን ካንድል አለች? ካለች ቀኗን፣ ከፍታዋን፣ ዝቅታዋንና መዝጊያዋን ጻፍልን። የዓርቡንም ጨምር።

---

አዲስ_ቻርት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:22

አዎ አለች! እስከ ዛሬ ልብ ብዬም አላየኋት። እሑድ ትላለች። ከፍታ 1.0850፣ ዝቅታ 1.0838፣ መዝጊያ 1.0841። የዓርቡ ከፍታ 1.0860፣ ዝቅታ 1.0800፣ መዝጊያ 1.0845 ነው።

---

ሻማ_ቆጣሪ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:50

እንግዲያው ነገሩ ወዲህ ነው።

የምንዛሪ ገበያ ሳምንቱን የሚጀምረው እሑድ በኒውዮርክ ሰዓት ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ላይ ነው። አሁን ባለንበት ወቅት ይህ ለእኛ እሑድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የጓደኛህ ብሮከር የቀኑን ካንድል የሚዘጋውና የሚከፍተው በዚህችው ሰዓት ነው። ስለዚህ ለእሱ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሰኞ ነው፤ በሳምንት አምስት ካንድል ብቻ ያያል። ያንተ ብሮከር ሰርቨር የሚሄደው በግሪንዊች ሰዓት ነው። በግሪንዊች ገና እሑድ ማታ 3 ሰዓት ነው፣ እኩለ ሌሊት እስኪሆን ሦስት ሰዓት ይቀራል። ስለዚህ ሰርቨሩ እነዚያን ሦስት ሰዓቶች "እሑድ" ብሎ ለብቻቸው አንድ ካንድል ያደርጋቸዋል። በሳምንት ስድስት ካንድል አለህ ማለት ነው።

ኢንዲኬተሩ ደግሞ የሚያውቀው "ያለፈው ካንድል" የሚለውን ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ሲጠየቅ ላንተ የሚያነሳው የእሑዱን ሦስት ሰዓት ነው፤ ለጓደኛህ ሙሉውን ዓርብ።

በእጅህ አስላው።

```
P  = (H + L + C) / 3
R1 = 2*P - L
S1 = 2*P - H
```

በዓርቡ ስታሰላ፣ 1.0860 እና 1.0800 እና 1.0845 ተደምረው ለ3 ሲካፈሉ 1.0835 ይሰጡሃል። ሁለት እጥፉ 2.1670 ነው። ከዚያ ላይ ዝቅታውን ስትቀንስ 1.0870፣ ከፍታውን ስትቀንስ 1.0810። የጓደኛህ ቁጥሮች ናቸው። በእሑዱ ስታሰላ 1.0843፣ 1.0848ና 1.0836 ይወጣል። ያንተዎቹ። ሁለታችሁም ስሌቱን አልሳታችሁም። የተሰላው ግን በተለያየ ቀን ላይ ነው።

የትኛው ይሻላል ካልከኝ የጓደኛህ። በR1ና በS1 መሀል ያለው ርቀት ያለፈው ቀን ከፍታና ዝቅታ ከተራራቁበት ጋር ሁልጊዜ እኩል ነው። ከላይ ያለውን ስሌት ብታየው ይገባሃል። የዓርቡ 60 ፒፕ ነው፤ 1.0870 ሲቀነስ 1.0810ም 60። ያንተ 12 የሆነው እሑድ ሌሊት ገበያው ሳይነቃ 12 ፒፕ ብቻ ስለተላወሰ ነው። በዚያ ሰዓት ለንደን ተኝቷል፣ ኒውዮርክ ተኝቷል። ያንን ይዘህ የሰኞን ለንደን መለካት አትችልም።

---

አዲስ_ቻርት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:05

እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ገባኝ። ብሮከር ሳልቀይር ማስተካከል ይቻላል? የምጠቀመው ሜታትሬደር 5 ነው።

---

ሻማ_ቆጣሪ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:20

ይቻላል። ኢንዲኬተሩ ያለፈውን ቀን የሚያነሳበት ቦታ ላይ ይህችን አስገባ። ያለፈው ካንድል እሑድ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ወደ ኋላ ይሄዳል።

```
int s = 1;
MqlDateTime t;
TimeToStruct(iTime(_Symbol, PERIOD_D1, s), t);
if(t.day_of_week == 0) s = 2;
double H = iHigh(_Symbol, PERIOD_D1, s);
double L = iLow(_Symbol, PERIOD_D1, s);
double C = iClose(_Symbol, PERIOD_D1, s);
double P = (H + L + C) / 3;
```

ይህ ግን የሰኞን ብቻ ነው የሚፈታልህ። በሌሎቹ ቀናት ካንድልህ የሚዘጋው ከጓደኛህ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ነው። ኒውዮርክ ከተዘጋ በኋላ ብዙ እንቅስቃሴ ስለሌለ ልዩነቱ ትንሽ ነው። መዝጊያችሁ በ6 ፒፕ ቢለያይ ፒቮቱ የሚለየው በ2፣ R1ና S1 የሚለዩት በ4 ፒፕ ነው። "ተቀራራቢ ናቸው" ያልከው ለዚህ ነው። ጨርሶ እንዲገጥም ከፈለግክ ከዴይሊው ሳይሆን ከአንድ ሰዓት ካንድሎች ላይ ሃያ አራቱን ቆጥረህ ማስላት ነው።

---

ቶሚ_ፒያሳ · ሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ጥሩ ማብራሪያ ነው። እኔ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ፒቮት የሚሠራው ትላልቅ ባንኮች ስለሚያዩት ነው። ዱሮ ቺካጎ ውስጥ በአካል ቆመው እየጮኹ የሚገበያዩት ነጋዴዎች ናቸው የጀመሩት። አሁን ደግሞ የባንኮቹ ኮምፒውተሮች በእሱ ላይ ተፕሮግራመዋል። ስለዚህ ዋጋው P ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሮቹ ይገዛሉ ወይም ይሸጣሉ። እኔ በየቀኑ አያለሁ፤ ዋጋው ፒቮቱን ሳይነካ የሚውልበት ቀን በጣም ጥቂት ነው። እንደ ማግኔት ነው የሚስበው።

---

ማሂ_ቨርጂኒያ · ሰኞ፣ ከቀኑ 10:15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ፊውቸርስ ነው የምነግደው፣ የኤስ ኤንድ ፒ 500ን ትንሹን ኮንትራት። ቶሚ የቺካጎውን ታሪክ ልክ ነው ያመጣኸው። አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሚነግድ ሰው ቻርት አልነበረውም። የትናንቱን ሦስት ቁጥር ካርድ ላይ ጽፎ፣ በእርሳስ ደምሮ አካፍሎ ይገባል። አጠገቡ የቆመውም ያንኑ አድርጎ ነው የሚገባው። ሁሉም አንድ ቁጥር ላይ የሚደርሱት ለዚህ ነበር። ገበያው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ደወል አንድ ነው፣ የቀኑን የመዝጊያ ዋጋም የሚያሳውቀው ገበያው ራሱ ነው።

አሁን ያ የለም። እኔ ጋ እንኳን፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ኮንትራት ሆኖ ሁለት ዓይነት ፒቮት አለ። ግማሹ ሰው ሌሊቱን ጨምሮ የሙሉውን ቀን ከፍታና ዝቅታ ይወስዳል። ግማሹ ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ክፍት የሆነበትን የቀኑን ክፍል ብቻ ነው የሚወስደው። ሌሊት በኤሺያ ሰዓት ትልቅ መውረድ ከነበረ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። የትኛው እንደሚበዛ ከቻርቱ ላይ ማወቅ አይቻልም። እኔ የቀኑን ነው የምጠቀመው፤ ትክክሉ እሱ ነው ብዬ ግን አልከራከርም።

የአዲስ ጥያቄ ውሃ የሚያነሳ ነው የምለው ለዚህ ነው። "ሁሉም የሚያየው" እንዲባል መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ሰዓት ላይ መስማማት አለበት። 1.0900 ግን የሰዓት ስምምነት አያስፈልገውም። አዲስ አበባም፣ ሲንጋፖርም፣ ኒውዮርክም 1.0900 ያው 1.0900 ነው።

---

የድሮ_ዲለር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ልጆች፣ ማሂ የነካችውን ልቀጥል። እኔ ባሕረ ሰላጤው አገር በአንድ ባንክ የምንዛሪ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የደንበኞችን ትእዛዝ ስቀበል ነበር። ስለዚህ ከቻርቱ በስተጀርባ ያለውን ላውራችሁ።

ትእዛዝ ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ አይደለም። ዕቃ ከአውሮፓ የሚያመጣ ድርጅት የሂሳብ ኃላፊ ነው። ስልክ ያነሳና "ዩሮ 1.10 ሲወርድ 2 ሚሊዮን ግዛልኝ" ይላል። "1.0987 ሲደርስ ግዛልኝ" ያለኝ ሰው አላስታውስም። ሰውየው ፒቮት ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። በጀቱን ሲሠራ የያዘው ቁጥር 1.10 ስለሆነ ነው። ሌላውም ደውሎ እንደዚሁ ይላል። ሳንማከር መዝገባችን 1.10 ላይ ይከመራል።

ስቶፕ የሚሰጡት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ገዝተው የያዙት "1.10 ከተሰበረ አልፈልገውም" ይላሉ። ስለዚህ ስቶፓቸውን 1.10 ላይ ሳይሆን ትንሽ ዝቅ አድርገው 1.0990 ወይም 1.0985 ላይ ያስቀምጣሉ። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ክምሮች አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ልኩ ላይ የግዢ ትእዛዝ አለ። ከበታቹ የሽያጭ ትእዛዝ አለ። ዋጋው ወርዶ 1.10 ሲነካ ግዢው ይቀበለውና ይገፋዋል፤ እናንተ "ሰፖርት ያዘ" ትላላችሁ። ግዢው ተበልቶ ካለቀና ዋጋው ሾልኮ 1.0990 ከደረሰ ግን እያንዳንዱ ስቶፕ ሲፈነዳ ራሱ ሽያጭ ይሆናል፣ ያ ሽያጭ ቀጣዩን ስቶፕ ይቀሰቅሳል። ያኔ መውረዱ ይፈጥናል።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ካሮል ኦስለር የሚባሉ ተመራማሪ በኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ ሳሉ የአንድ ትልቅ ባንክን ከ9 ሺህ በላይ ትእዛዞች ወስደው አጥንተዋል። ትእዛዞቹ የ1999ና የ2000 ናቸው፤ ዩሮ፣ የንና ፓውንድ በዶላር። ያገኙትም ይኸው ነው። ትርፍ መውሰጃዎቹ በ00 የሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይከመራሉ፤ ስቶፖቹ ግን ከቁጥሩ ወዲያ ማዶ። ዋጋው ድፍን ቁጥር ላይ ደርሶ የሚመለሰውም፣ ካለፈው ደግሞ የሚፈጥነውም ለዚህ ነው ብለዋል። ከዚያ በፊትም የተለያዩ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው ጠዋት ጠዋት የሚልኳቸውን የሰፖርትና የሬዚስታንስ ቁጥሮች መርምረው ነበር። አብዛኞቹ ቁጥሮች የሚያልቁት በ0 ወይም በ5 ነበር። ባለሙያው በፈለገው ዘዴ ቢያሰላም መጨረሻ ላይ እጁ ወደ ድፍኑ ነው የሚሄደው።

ጎልድ፣ ያንተን ስቶፕ ለብቻው ማንም አላየውም። ማየትም አያስፈልግም ነበር። 2000ን የገዛ ሁሉ ስቶፑን 1998 ላይ፣ 1997 ላይ ነው የሚያደርገው። አንተ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሰፈር ነበርክ።

---

ጎልድ_ብቻ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ታዲያ ብዙ ስቶፕ እዚያ እንዳለ የሚያውቅ ትልቅ ነጋዴ ሆን ብሎ ገፍቶ ሊያፈነዳው አይችልም? እኔ የምለው እሱን ነው። ብሮከሬም ያውቃል።

---

የድሮ_ዲለር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ገፍቶ ለማፈንዳት የሚሞክር የለም አልልህም፤ አለ። ትእዛዝ የት እንደሚከመር ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን ለመግፋት ራሱ መሸጥ አለበት፣ ያውም 2000 ላይ የቆመውን ግዢ ሁሉ በልቶ መጨረስ አለበት። ግዢው ብዙ ከሆነ ገንዘቡን ይዞ ይሰምጣል። ስለዚህ የሚሞክረው ገበያው ቀድሞም ወደዚያ ሲሄድ ነው። የአንድ ሰው ብሮከር ለአንድ ሰው ስቶፕ ብሎ የዓለምን ወርቅ ዋጋ አያወርድም። ዋጋው በሌሎች ብሮከሮች ላይም 1997 ደርሶ እንደነበር ቻርታቸውን ከፍተህ አመሳክር። ሁሉም ላይ ካለ ገበያው ነው። ያንተ ላይ ብቻ ካለ ግን አቤቱታ አቅርብ፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

---

አዲስ_ቻርት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው። የታወቀ፣ ሁሉም ያየው ቀን ካለ በምሳሌ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። ወደ ኋላ ሄጄ ቻርቱ ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

---

የድሮ_ዲለር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ዶላር የንን ክፈትና እ.ኤ.አ. ወደ ኦክቶበር 3 ቀን 2023 ሂድ። በአንድ ደቂቃ ወይም በአምስት ደቂቃ ካንድል ብታየው ይሻላል።

መጀመሪያ የነበረውን ሁኔታ ያዝ። በ2022 መከር ላይ የጃፓን መንግሥት የንን ለመደገፍ ዶላር ሸጦ ነበር። በዚያ ኦክቶበር ዶላር ከ150 የን በላይ ወጥቶ ሳለ ነው አንዱ የገባበት። ከዚያ ወዲህ "150 ላይ ጃፓን ትገባለች" የሚለው ወሬ በየዴስኩ ነበር። የጃፓን ባለሥልጣናት ግን አንድም ጊዜ "መስመራችን 150 ነው" አላሉም። ቁጥሩን የመረጠው ገበያው ነው።

በ2023 ዋጋው ቀስ እያለ እንደገና ወደ 150 መጣ። ቀናት ሙሉ ከበታቹ ተጠጋ። ኦክቶበር 3፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ የአሜሪካ የክፍት ሥራ ቦታዎች ሪፖርት ወጣ። ከተጠበቀው በላይ ጠንካራ ነበር። ዶላር ዘለለና 150ን በጥቂቱ አለፈ። ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ከ2 የን በላይ ወርዶ 147 ቤት ገባ። ሁሉም "ጃፓን ገባች" አለ። ባለሥልጣናቱ አስተያየት አንሰጥም አሉ። በወሩ መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ያወጣው ሪፖርት ግን በዚያ ወር ለምንዛሪ ድጋፍ የወጣው ገንዘብ ዜሮ መሆኑን አሳየ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማንም አልገባም። ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር ላይ ዓይኑን ስለተከለና ጣቱን የመሸጫው ቁልፍ ላይ ስላሳረፈ ብቻ ዋጋው ያን ያህል ወረደ። "ሁሉም ስለሚያየው ይሠራል" የሚለውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቀን እኔ አላውቅም።

ግን ደግሞ ወደፊት ሂዱ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ዋጋው 150ን እንደገና አለፈው፤ በኖቬምበር አጋማሽ 152 ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቁጥሩ ያው ነው፣ ተመልካቹም ያው ነው። የአሜሪካና የጃፓን የወለድ ልዩነት ግን ዶላርን ወደ ላይ መግፋቱን አላቆመም። የሰው ዓይን አንድን ከሰዓት ማስቆም ይችላል። ሳምንታትን አያስቆምም።

---

ማሂ_ቨርጂኒያ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:00

ጋሼ ይህን ካነሱ የስዊዙንም መጨመር ይገባል፤ ስቶፕ ለሚያስቀምጥ ሰው ትልቅ ነገር ነውና። ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም ብሎ ነበር። ያኛው ድፍን ቁጥር ከኋላው እውነተኛ ገዢ ነበረው። ሦስት ዓመት ከምናምን ያዘ። ሰው ሁሉ 1.20 አካባቢ ገዝቶ ስቶፑን ከበታች አደረገ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ባንኩ ድንገት ትቼዋለሁ አለ። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። 1.1990 ላይ የነበረ ስቶፕ በ1.1990 አልተሸጠም፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ስላልነበረ ብዙ ወርዶ ነው የተሸጠው። ብዙ ሰው ካስገባው በላይ ዕዳ ይዞ ቀረ። አንድ ሌቭልን ሁሉም ሲያምነው ከበታቹ ባዶ እንደሚሆን መርሳት የለብንም።

---

ቶሚ_ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:50

ይህ ሁሉ የድፍን ቁጥር ነው። ፒቮትስ? ከላይ እንዳልኩት ዋጋው ፒቮቱን የማይነካበት ቀን ጥቂት ነው። ያ ምንድነው ታዲያ?

---

ሻማ_ቆጣሪ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:30

ቶሚ፣ መንካቱ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን አንተ ያልከው አይመስለኝም። ፒቮቱ የትናንቱ ከፍታ፣ ዝቅታና መዝጊያ አማካይ ነው። ዛሬ የሚከፈተው ደግሞ ትናንት በተዘጋበት አካባቢ ነው። በአዲስ ምሳሌ ዓርብ 1.0845 ላይ ተዘጋ፣ ፒቮቱ 1.0835 ነው። 10 ፒፕ ነው የሚራራቁት። በቀን 60 ፒፕ የሚንቀሳቀስ ነገር አጠገቡ ያለውን መስመር ቢነካ ምን ይገርማል? ዋጋው ከተነሳበት 10 ፒፕ ርቆ የትም ብታሰምር አብዛኛውን ቀን ይነካዋል።

ሁለተኛው ነገር የመስመር ብዛት ነው። የዴይሊ ፒቮት ከነR1 R2 R3 እና ከነS1 S2 S3 ሰባት ነው። የሳምንቱን ጨምር፣ የወሩን ጨምር፣ በየ50 ፒፑ ያለውን ድፍን ጨምር። ቻርቱ ላይ ከመስመር 10 ፒፕ የራቀ ቦታ አታገኝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዋጋው የትም ቢመለስ "መስመር ላይ ተመለሰ" እንላለን።

የሚለየው እንዲህ ነው። እውነተኛ መስመሮችህን ውሰድና ሁሉንም በ13 ፒፕ ወደ ላይ አንሳቸው፤ የውሸት መስመር ይሆናሉ። ከዚያ አንድ ሕግ ቀድመህ ጻፍ። ለምሳሌ "መስመሩን ነክቶ 5 ፒፕ ሳያልፈው 15 ፒፕ ከተመለሰ ተመለሰ እላለሁ" በል። ሕጉን ሳትቀይር ሁለቱንም ያለፉት ወራት ላይ ቁጠር። እውነተኛዎቹ ከውሸቶቹ ጎልተው ካልበለጡ ፒቮቱ ምንም አልጨመረልህም። እኔ በዩሮ ዶላር ላይ ቆጥሬ ያየሁት ልዩነት ለስፕሬዱ እንኳን የሚበቃ አይደለም። በ00 የሚያልቁት ላይ ግን የተሻለ ነገር አይቻለሁ።

---

ቶሚ_ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10

አልስማማም። አንተ ሁሉንም ቀን ደባልቀህ ነው የቆጠርከው። ዜና ያለበትና ዜና የሌለበት ቀን አንድ አይደለም። ፒቮት የሚሠራው ዜና በሌለበት፣ ገበያው ወዲህ ወዲያ በሚልበት ቀን ነው። ደግሞም R1 በድፍን ቁጥር አጠገብ ሲወድቅ በጣም ይጠነክራል። ያንን ለይተህ ቁጠርና እናውራ።

---

ሻማ_ቆጣሪ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:25

የዜናው ነገር ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ለይቼ አልቆጠርኩም። R1 ከድፍን ቁጥር ጋር ሲገጥም ስላልከው ግን፣ ያጠነከረው R1 ነው ወይስ ድፍኑ ብቻውን ይበቃ ነበር? R1 አጠገቡ የሌለባቸውን ድፍን ቁጥሮችም አብረህ ካልቆጠርክ መልሱን አታገኘውም።

---

ሳት_ሪያድ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:00

ስላቋረጥኩ ይቅርታ። እኔ ቢትኮይን ነው የምነግደው። እኛ ጋ ገበያው እሑድም ሌሊትም አይዘጋም። ታዲያ መዝጊያ የሌለው ነገር ፒቮት እንዴት ይኖረዋል?

---

ማሂ_ቨርጂኒያ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:10

አብዛኛው ቻርት የቢትኮይንን ቀን በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው የሚቆርጠው፤ ሪያድ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። መዝጊያ ሳይሆን የስምምነት መቁረጫ ነው። የአዲስ ችግር ግን አንተ ጋ የለም፤ እሑድህ ሙሉ ቀን ነውና። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ከፒቮቱ ይልቅ ሺዎቹን ነበር የማየው።

---

አዲስ_ቻርት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:30

ኮዱን አስገባሁት። የትናንቱን መልሼ ሳሰላው ከጓደኛዬ ጋር ገጠመ፤ 1.0835። የዛሬው በ1 ፒፕ ነው የሚለየው። ቴክ ፕሮፊቴን ደግሞ ከአሁን በኋላ ልክ 1.0900 ላይ ሳይሆን 1.0896 ላይ ላደርገው ነው፣ ከክምሩ ፊት እንዲወጣልኝ። ስቶፑን ግን የት ላድርገው? ከክምሩ ማዶ ካራቅኩት የማጣው ገንዘብ ይበዛል።

---

የድሮ_ዲለር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ቴክ ፕሮፊቱን መልካም አድርገሃል። ስቶፑን ስታርቅ መጠኑን ቀንስ። ቀድሞ 15 ፒፕ ላይ አንድ ሎት ትይዝ ከነበረ፣ 30 ፒፕ ላይ ግማሽ ሎት ያዝ። የምታጣው ብር ያው ነው። በግማሽ ሎትም የማይመችህ ከሆነ ያን ትሬድ ተወው። ድፍኑ ከመግቢያህ 10 ፒፕ ብቻ ርቆ ሳለ ስቶፕህን እሱ አጠገብ ለማድረግ አትገደድ።

---

ሻማ_ቆጣሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

አንድ ነገር ለጓደኛህ ንገረው። የእሱ ብሮከርም በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያሳስተው ይችላል። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፣ አውሮፓ ደግሞ በመጨረሻው እሑድ። በመከሩም በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ መሀል አንድ ሳምንት ይለያያሉ። የእሱ ሰርቨር የሚከተለው የአውሮፓን ከሆነ በእነዚያ ሳምንታት ገበያው የሚከፈተው በሰርቨሩ እሑድ ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። የአንድ ሰዓት ርዝመት ያላት የእሑድ ካንድል ትወጣለች፣ የሰኞ ፒቮቱም ካንተ በባሰ ይጨማደዳል። ያቺ ኮድ እሱንም ታድነዋለች፤ ላክለት።